መስመሩ ለምን እንደተጠላለፈ ሳታዩ «አቅጣጫውን ቀይረው» አትበሉኝ

ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ግራፍ ስቃጠል ከረምኩ። ዛሬ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም።

እዚህ ጅማ ቡና የሚረከብ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የታዘዝኩት ሥራ ሲሰሙት ቀላል ነው። እሸት ቡናው ከየትኛው ሰብሳቢ ተነሳ፣ በየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ አለፈ፣ የትኛው መጋዘን ገባ? ይህን በአንድ ወረቀት ላይ ማሳየት ነው። መረጃው ኤክሴል ላይ አለ። አጭር የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ፤ የወጣውን ፋይል ግራፍ ለሚሥለው ፕሮግራም ለግራፍቪዝ ሰጠሁት። 132 ሰብሳቢ፣ 21 ማጠቢያ ጣቢያ፣ 4 መጋዘን። ከጎማ፣ ከማና፣ ከጌራ፣ ከሊሙ ኮሳና ከሰካ ጨቆርሳ ወረዳዎች።

የወጣው ጥቁር ጭረት ነበር። ፈረንጅ አራዳ ወርጄ፣ መብራት እስኪመጣ ጠብቄ አሳተምኩት። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን አንድ ሰብሳቢ ላይ አሳረፉና መስመሩን መከተል ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ጠፋባቸው። «ልጄ፣ ይሄ የሸረሪት ድር ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ «`rankdir=LR` በልበት፣ ይስተካከላል።» እኔን ያበሸቀኝ ይሄ ነው። ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ግን የሚያድነው ሌላ በሽታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራፍቪዝ ካልነገሩት በቀር ከላይ ወደ ታች ይሥላል። ሰብሳቢዎቹ በሙሉ አንድ ደረጃ ላይ ስለሆኑ 132ቱም ጎን ለጎን በአንድ ረድፍ ይደረደራሉ። ስሞቻችን ደግሞ ከነአባት ስማቸው ረጅም ናቸው። አንዱ ሳጥን ወደ 4 ሴንቲሜትር ይሰፋል፤ ክፍተቱ ሲጨመር 4.6። በ132 አባዙት፣ ስፋቱ 6 ሜትር ይሆናል። ያንን አንድ ወረቀት ላይ ሲያጨምቁት መስመር በመስመር ላይ ይነባበራል።

በ`rankdir=LR` ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር ሳጥኖቹ ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ። አሁን ቦታ የሚበላው የስሙ ርዝመት ሳይሆን የሳጥኑ ቁመት ነው። 6 ሜትር የነበረው ወደ 2.5 ሜትር ወረደ። የፊደሉን መጠን 10 አደረግኩት፤ የሳጥኑን ቁመት 0.25 ኢንች፣ በሳጥኖቹ መካከል ያለውን ክፍተት 0.05 ኢንች። ቁመቱ አንድ ሜትር አካባቢ ሆነ። ትልቅ ወረቀት ላይ ይነበባል።

መስመሮቹ ግን እንደተሻገሩ ናቸው! ፕሮግራሙ በአንድ ረድፍ ላይ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቀመጥ ሲወስን የሚያየው ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ነው። ረድፉ ቢቆምም ቢጋደምም ግንኙነቱ ያው ነው። አቅጣጫ መቀየር ቦታ ይሰጣል እንጂ የተሻገረን መስመር አይፈታም። ይህን የነገረኝ አንድም ሰው የለም።

ሁሉም መሻገር ደግሞ ጥፋት አይደለም። ሁለት ሰብሳቢዎች ለሁለቱም ማጠቢያ ጣቢያዎች ካስረከቡ፣ በሁለት ረድፍ ስትሥሉት አንድ መሻገር የግድ ነው። እንዴትም አድርጋችሁ አታስቀሩትም። ግራፉ ትልቅ ሲሆን ትንሹን የመሻገር ቁጥር ማግኘት እጅግ ከባድ ስሌት ስለሆነ ፕሮግራሙ በግምት ነው የሚያሻሽለው። ስለዚህ ማን ከማን ጋር እንደሚሰበሰብ እኛ ልንነግረው ይገባል።

በየወረዳው ልቦድናቸው አልኩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቀን የተቃጠልኩት። መጀመሪያ `subgraph goma` ብዬ ጻፍኩ። ምንም አልሆነም። ስህተትም አላለ፣ ወረዳውን የሚከብብ ሳጥንም አልሣለ። ስሙ `cluster` በሚል ካልጀመረ ወይም ውስጡ `cluster=true` ካልተባለ እንደ ቡድን አይቆጥረውም። እሺ፣ አስተካከልኩ። አሁን ደግሞ የጎማ ማጠቢያ ጣቢያ ማና ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ኤክሴሉን ሦስት ጊዜ አጣራሁ፤ መረጃው ልክ ነው።

ጥፋቱ ስክሪፕቴ ውስጥ ነበር። እያንዳንዱን መስመር በሰብሳቢው ወረዳ ሳጥን ውስጥ ነበር የሚጽፈው። የወረዳ ሳጥን ውስጥ የተጠራ ኖድ፣ ማለትም ሰብሳቢ ወይም ጣቢያ፣ ደግሞ ሁሉ የዚያ ሳጥን አባል ይሆናል፤ በመስመሩ ጫፍ ላይ ብቻ ቢጠራም። የማና ሰብሳቢ ለጎማ ጣቢያ ሲያስረክብ የጎማው ጣቢያ ወደ ማና ይጎተታል። መፍትሔው ሳጥን ውስጥ ኖዶችን ብቻ መዘርዘር፣ መስመሮቹን በሙሉ ከሳጥኖቹ ውጭ መጨረሻ ላይ መጻፍ ነው።

```
digraph {
  rankdir=LR; nodesep=0.05; ranksep=2
  node [shape=box, fontsize=10,
        height=0.25, margin="0.08,0.02"]
  subgraph cluster_goma {
    label="ጎማ"; s14; s15; m3
  }
  subgraph cluster_mana {
    label="ማና"; s41; m7
  }
  s77
  s14 -> m3
  s15 -> m3
  s41 -> m7
  s77 -> m3
  s77 -> m7
}
```

`s` ሰብሳቢ፣ `m` ማጠቢያ ጣቢያ ነው። `s77`ን እዩት። ከሁሉም ሳጥን ውጭ ነው። ለሁለት ወረዳ የሚያስረክብ ሰብሳቢ ነው። እንደሱ ዓይነት 9 ሰዎች ነበሩን። በቡድን ውስጥ ሳስገባቸው ግራፉ ባሰበት፤ ምክንያቱም የአንድ ሳጥን አባላት ተጠጋግተው የመቀመጥ ግዴታ አለባቸው። ሁለት ቦታ የሚሠራውን ሰው አንድ ቦታ ካሰሩት መስመሩ ሌላውን ሳጥን ሁሉ አቋርጦ ይሄዳል። ሳወጣቸው ፕሮግራሙ በሳጥኖቹ መካከል ቦታ ፈልጎ አስቀመጣቸው። አራቱንም መጋዘኖች እንዲሁ ውጭ ተውኳቸው፤ ከሁሉም ወረዳ ስለሚቀበሉ የማንም አይደሉም። `ranksep=2` ያልኩት መስመሮቹ በረድፎቹ መካከል ሰፊ ቦታ አግኝተው እንዲለያዩ ነው።

«`concentrate=true` ብትለው ያምራል» ያለኝም ነበር። ሞክሬዋለሁ፤ በእርግጥ ያምራል። አብረው የሚሄዱ መስመሮችን አንድ ያደርጋቸዋል። ግን ከተዋሃዱ በኋላ የማን ቡና የት እንደገባ ማን ይለየዋል? የእኛ ጥያቄ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። እኔ በዚያ ፈንታ የየወረዳውን መስመር በየራሱ ቀለም አደረግኩ።

ሌላም ብሶት አለኝ። ስክሪፕቱን በሮጥኩት ቁጥር ግራፉ ይለዋወጣል። ትናንት ከላይ የነበረው ጣቢያ ዛሬ ከታች ነው። ስሞቹን ፓይተን ላይ `set` ውስጥ ነበር የያዝኳቸው፤ ቅደም ተከተሉ በየሩጫው ይቀያየራል፣ ግራፍቪዝ ደግሞ የጽሑፉን ቅደም ተከተል ይከተላል። ከመጻፌ በፊት `sorted` አደረግኩት፣ ረጋ።

የሥራ ባልደረባዬ ግን እስከዛሬ ሥዕሉን በሌላ ፕሮግራም ከፍቶ መስመሮቹን በመዳፊት ይጎትታል። ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ሰኞ አዲስ ሰብሳቢ ሲመዘገብና ግራፉ እንደገና ሲወጣ ልፋቱ በሙሉ ይጠፋል። ወንድሜ፣ እባክህ ፋይሉን አስተካክል እንጂ ሥዕሉን አትነካካው! የሰው ዕድሜ እኮ ነው።

ባለፈው ዓርብ አዲሱን ወረቀት ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ጣታቸውን ከዘጠኙ አንዱ ላይ አሳረፉ። መስመሩን ይዘው ጎማ ደረሱ፣ ተመልሰው ሁለተኛውን ይዘው ማና ደረሱ፣ ከዚያ መጋዘኑ ጋ ቆሙ። አልጠፋባቸውም። «በል፣ የሌላውንም ወር አውጣልኝ» አሉኝ።