ሁለተኛዋ ዜሮ የሩሌትን ዋጋ እጥፍ ታደርገዋለች

«ባለ አንድ ዜሮውም ላይ ተጫወትኩ፣ ባለ ሁለት ዜሮውም ላይ ተጫወትኩ። 37 ቁጥር የነበረው 38 ሆነ እንጂ ሌላ ምን ተለወጠ?» ይህን የጠየቀኝ ላስ ቬጋስ የሚኖር አንድ አንባቢ ነው።

የተለወጠው ዋጋው ነው። ያውም በጥቂቱ አይደለም፣ እጥፍ ሆኗል ማለት ይቻላል። በዚህች ከተማ ብዙ ወገኖቻችን በታክሲ፣ በሆቴልና በካሲኖ ሥራ ይተዳደራሉ። ከፈረቃ ወጥቶ ጠረጴዛው ጋ ጎራ የሚል ሰው አይጠፋም። እሱ ሰው ምን እየከፈለ እንደሆነ በደንብ ማወቅ አለበት ብዬ ስለማምን ሒሳቡን ከሥሩ ልጀምረው።

በሩሌት ኳሷ በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ ትጣላለች፣ ተጫዋቹም የምታርፍበትን ቁጥር ወይም ቀለም ገምቶ ይወራረዳል። በሁለቱም መንኮራኩሮች ላይ ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች አሉ። ግማሾቹ ቀይ፣ ግማሾቹ ጥቁር ናቸው። በአውሮፓው መንኮራኩር ላይ አንዲት አረንጓዴ ዜሮ ትጨመራለች። በአሜሪካው ላይ ደግሞ ከዜሮዋ ትይዩ ድርብ ዜሮ አለች። አከፋፈሉ ግን አንድ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ካገኘህ በሁለቱም ላይ 35 እጥፍ ይከፈልሃል። ቀይ ብለህ ቀይ ከወጣ በሁለቱም ላይ ያስያዝከውን ያህል ታገኛለህ። ዋናው ነገር ይህ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ክፍያው አልጨመረም።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። አንድ ሰው በየዙሩ 10 ዶላር 17 ቁጥር ላይ ያስቀምጣል። ኳሷም ሁሉንም ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ አዳረሰች እንበል። በእውነተኛ ጨዋታ እንዲህ አትደረደርም፣ ለሒሳቡ ግን ይህ ትክክለኛው አማካይ ነው።

በባለ አንድ ዜሮው 37 ዙር ይጫወታል። ያስያዘው በጠቅላላ 370 ዶላር ነው። 17 አንዴ ይወጣለታል፣ 350 ዶላር ይከፈለዋል፣ በዚያ ዙር ያስቀመጣት 10 ዶላርም ትመለስለታለች። እጁ ላይ 360 አለ። 10 ዶላር ጎደለ ማለት ነው። በባለ ሁለት ዜሮው ደግሞ 38 ዙር ይጫወታል፣ 380 ዶላር ያስይዛል። 17 አሁንም አንዴ ብቻ ይወጣል። እጁ ላይ ያው 360 ነው። 20 ዶላር ጎደለ።

በመቶኛ ካሰላነው የመጀመሪያው 2.70፣ ሁለተኛው 5.26 ነው። ቀይና ጥቁር ብትጫወትም ውጤቱ አይለወጥም። በ37 ዙር 18 ጊዜ ታሸንፋለህ፣ 19 ጊዜ ትሸነፋለህ። በ38 ዙር ግን 18 ጊዜ ታሸንፋለህ፣ 20 ጊዜ ትሸነፋለህ።

አንባቢዬ የተሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አዲሷን ዜሮ ከ38ቱ ቁጥሮች ጋር ነው የሚያነጻጽራት፤ ያኔ ትንሽ ትመስላለች። ክፍያው ግን የተሠራው 36 ቁጥሮች ብቻ እንዳሉ ተደርጎ ነው። ዜሮ ባይኖር ካሲኖው በጊዜ ብዛት ምንም አያተርፍም ነበር። ትርፉ በሙሉ ከዜሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አዲሷ ዜሮ መነጻጸር ያለባት ከቀድሞዋ ዜሮ ጋር ነው። አንድ የነበረው የካሲኖው ድርሻ ሁለት ሆነ። አንድ ባለ ሱቅ ኪሎ ብሎ 973 ግራም ስኳር ቢሸጥልህ፣ ጎረቤቱ ደግሞ በዚያው ዋጋ፣ ኪሎ ብሎ 947 ግራም ቢሸጥልህ፣ ሁለቱም ጆንያ ላይ የተጻፈው ዋጋ አንድ ነው። የሩሌቱም ነገር እንዲሁ ነው።

ታዲያ ሰው ይህን እንዴት ሳያስተውል ይቀራል? ዕድል ስለሚሸፍነው ነው።

በየዙሩ 10 ዶላር ቀይ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው እንውሰድ። መካከለኛ ብዛት ያለው ሰው ባለበት ጠረጴዛ በሰዓት ወደ 40 ዙር ይሄዳል። 100 ዙር ማለት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በአንድ ዜሮ በአማካይ 27 ዶላር፣ በሁለት ዜሮ ወደ 53 ዶላር ይከስራል። ነገር ግን በ100 ዙር ውስጥ ዕድል ብቻውን መቶ ዶላር ወደላይም ወደታችም ሊወስደው ይችላል፣ ይህ የተለመደ ነው። ልዩነቱ 26 ዶላር ብቻ ስለሆነ በዚያ ውጣ ውረድ ውስጥ ይጠፋል። ከ100 ዙር በኋላ አትርፈው የሚነሡት በአንድ ዜሮ ከመቶ ሰው 36 ያህሉ ናቸው፣ በሁለት ዜሮ ደግሞ 27 ያህሉ። አንድ ማታ ተጫውቶ ልዩነት አላየሁም የሚል ሰው እውነቱን ነው። በአንድ ማታ አይታይም።

አሁን ወደ 1,000 ዙር እንሂድ። 25 ሰዓት ማለት ነው። በየሳምንቱ ለሁለት ሰዓት ያህል ለሚጫወት ሰው ይህ የሦስት ወር ነገር ነው። የሚያልፈው ገንዘብ በድምሩ 10,000 ዶላር ነው። በአንድ ዜሮ አማካይ ኪሳራው 270 ዶላር፣ በሁለት ዜሮ 526 ዶላር ይሆናል። ዕድል የሚያወዛውዘው መጠን ግን አሥር እጥፍ አላደገም። ወደ 316 ዶላር ብቻ ነው የደረሰው። ዙሩ አሥር እጥፍ ሲሆን ኪሳራውም አሥር እጥፍ ይሆናል፣ ውዝዋዜው ግን ሦስት እጥፍ ገደማ ብቻ ያድጋል። ዕድል ወደኋላ ይቀራል፣ ዋጋው ይቀድማል።

ውጤቱን እዩት። ከ1,000 ዙር በኋላ አትራፊ ሆነው የሚገኙት በአንድ ዜሮ ከመቶ ሰው 19 ያህሉ ናቸው። በሁለት ዜሮ አራት ወይም አምስት ብቻ። ኪሳራው እጥፍ ሆነ፣ አሸንፎ የመውጣት ዕድሉ ግን ወደ ሩብ ወረደ። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ቁጥር ነው። ሰው ወደ ጠረጴዛው የሚሄደው «ምናልባት» ብሎ ነው። ሁለተኛዋ ዜሮ የምትወስድበት በዋናነት ያችን «ምናልባት» ነው። 10,000 ዙር ላይ ሲደረስ በአንድ ዜሮ አትራፊ የሚሆነው ከሺህ ሰው ሦስት ያህሉ ነው። በሁለት ዜሮ ከአሥር ሚሊዮን ሰው አንድ እንኳን አይገኝም።

«ስሸነፍ እጥፍ እያስያዝኩ እመልሰዋለሁ» የሚል ሰው ሁሌም አለ። እጥፍ ማስያዝ ዜሮዋን ከመንኮራኩሩ አያወጣትም። በተቃራኒው፣ የምታስይዘውን ጠቅላላ ገንዘብ ያበዛዋል፣ መቶኛው ደግሞ የሚቆረጠው ከዚያ ጠቅላላ ነው። ከ10 ጀምሮ ስድስት ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ ሰው 630 ዶላር አልቆበታል። ቀጣዩ 640 ዶላር ነው፣ ጠረጴዛው ደግሞ የውርርድ ጣሪያ አለው።

እንግዲህ ሁልጊዜ ባለ አንድ ዜሮውን ምረጡ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ታላላቆቹ ካሲኖዎች በተደረደሩበት በላስ ቬጋስ ስትሪፕ ላይ ባለ አንድ ዜሮ ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ውርርዱ ከፍ ያለ ነው። ባለ ሁለት ዜሮው በ10 ዶላር ሲያስቀምጥህ፣ ባለ አንድ ዜሮው 25 ይጠይቅሃል እንበል። በሰዓት 40 ዙር ከተጫወትክ ርካሽ በሚመስለው ጠረጴዛ 21 ዶላር ትከስራለህ፣ በ«ጥሩው» ጠረጴዛ 27 ዶላር። ውዝዋዜውም በዚያው ልክ ይተልቃል። ስለዚህ መለኪያው ይህ ነው፦ የባለ አንድ ዜሮው ዝቅተኛ ውርርድ ከሌላው እጥፍ በታች ከሆነ እሱ ይሻላል። ከእጥፍ በላይ ከሆነና አንተ በዝቅተኛው ብቻ የምትጫወት ከሆነ፣ በሰዓት የምትከፍለው ይበልጣል። 25 ዶላር ለማስያዝ ቀድሞውኑ ላሰበ ሰው ግን በሁለት ዜሮ ላይ የሚቀመጥበት ምንም ምክንያት የለም።

አንድ ደንብም አብሮ መጠየቅ አለበት። በአንዳንድ ቦታ ዜሮ ሲወጣ ቀይ ወይም ጥቁር ላይ ያስያዝከው ግማሹ ይመለስልሃል። በፈረንሳይ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ይህ ደንብ ካለ ዋጋው ወደ 1.35 በመቶ ይወርዳል። በሌላዋ የአሜሪካ የካሲኖ ከተማ በአትላንቲክ ሲቲ ደግሞ በባለ ሁለት ዜሮው ላይ ይሠራል፣ 5.26ቱን ወደ 2.63 ያወርደዋል። ይህ ደንብ ያለው ባለ ሁለት ዜሮ፣ ደንቡ ከሌለው ባለ አንድ ዜሮ በጥቂቱም ቢሆን ይሻላል። ደንቡ የሚሠራው ግን በቀይና ጥቁር፣ በሙሉና ጎዶሎ፣ በትንሽና ትልቅ ላይ ብቻ ነው። ነጠላ ቁጥር ለሚጫወት አይረዳም።

ባለ አንድ ዜሮው ሩሌት በሰፊው የታወቀው በውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ፍራንሷና ሉዊ ብላን የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በጀርመን ባድ ሆምቡርግ በአንድ ዜሮ ማጫወት ጀመሩ። ሌሎቹ ሁለት ዜሮ ይዘው ነበር። ተጫዋቹ ልዩነቱን ያውቅ ስለነበር ወደ እነሱ መጣ። ፍራንሷ ብላን በኋላ የሞንቴ ካርሎን ካሲኖ ሲይዝ ያንኑ መንኮራኩር ይዞ ሄደ። ተጫዋች ዋጋ ሲያውቅ ካሲኖም ዋጋ ይቀንሳል።

በላስ ቬጋስ የሆነው ተቃራኒው ነው። ከ2016 ወዲህ ስትሪፑ ላይ ባለ ሦስት ዜሮ ሩሌት መጥቷል። 39 ቁጥር አለው፣ ክፍያው ያው 35 እጥፍ ነው፣ ዋጋው 7.69 በመቶ ደርሷል። ሰው ይቀመጥበታል፣ ምክንያቱም ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰሌዳ ዝቅተኛውን ውርርድ እንጂ ዋጋውን አይናገርም።

እኔ የምጠይቀው ይህ እንዲቀየር ነው። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዱ የሩሌት ጠረጴዛ አንድ ተጨማሪ መስመር እንዲለጥፍ ማስገደድ አለባቸው፦ በ10 ዶላር ውርርድ አማካይ ኪሳራ በየዙሩ ስንት እንደሆነ። ለአንድ ዜሮ 27 ሳንቲም፣ ለሁለት 53፣ ለሦስት 77። «ሰው መንኮራኩሩን አይቶ ሊቆጥር ይችላል» የሚል መልስ እሰማለሁ። ዜሮዋን ማየት ይችላል፣ እውነት ነው። ይህችን ሒሳብ ግን ሙዚቃ በሚጮህበት፣ ዲለሩ «ውርርድ አበቃ» ሊል እጁን ባነሣበት ሰዓት ማንም አይሠራትም። ካሲኖው ግን መንኮራኩሩን ከመግዛቱ በፊት ሠርቷታል።