እርማት፦ በራንሰምዌር ልምምድ «መጀመሪያ አጥፉት» ስለሚባለው

«ራንሰምዌር እንደገባ መጀመሪያ ኮምፒውተሮቹን በሙሉ ማጥፋት፣ ከዚያ ከባክአፕ መመለስ ነው።»

ራንሰምዌር ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ስለሆነ ለማስቆም መቸኮሉ ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ልክ አይደለም። መጀመሪያ የሚነቀለው የኔትወርክ ገመዱ ነው፣ ዋይፋዩም ይዘጋል፤ ማሽኑ ግን እንደበራ ይቆያል። ከጠፋ ጊዜያዊ ማስታወሻው ራም ላይ ያለው መረጃ አብሮ ይጠፋል፦ የትኛው ፕሮግራም ይሠራ እንደነበር፣ ከየትኛው አድራሻ ጋር እንደተገናኘ፣ አንዳንዴም የመክፈቻ ቁልፉ ራሱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር ሲሰራጭ ዋናኪዊ የተባለው መሣሪያ ፋይሎችን ሊፈታ የቻለው ሪስታርት ባልተደረጉ አንዳንድ ማሽኖች ላይ ብቻ ነበር።

ጥቃት ደረሰ ተብሎ በሚደረግ ልምምድ ላይ እንየው። ሰኞ ጠዋት የሒሳብ ክፍሉ ፋይሎች አልከፈት አሉ፣ የገንዘብ መጠየቂያ ጽሑፍም ብቅ አለ። ቡድኑ ሁሉንም አጥፍቶ የእሑድ ሌሊቱን ባክአፕ መለሰ። የልምምዱ አወያይ «አጥቂው መቼ ነው የገባው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ የለም። ሐሙስ ገብቶ ከነበረ የእሑዱ ባክአፕ አጥቂው ደብቆ የተወውንም መግቢያ በር ይዞ ይመለሳል፤ የሰረቀው የይለፍ ቃልም ገና ይሠራል። ማክሰኞ እንደገና ይቆለፋል። ስለዚህ ከኔትወርክ መለየት፣ አገባቡን መመርመር፣ በሩን መዝጋትና የይለፍ ቃሎችን መቀየር ይቀድማሉ፤ ባክአፕ መመለስ ከእነዚህ በኋላ ነው።

ማጥፋት የሚመጣው ከኔትወርክ መለየት ጨርሶ ካልተቻለ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ የአሜሪካው የሳይበር ደህንነት ኤጀንሲ ያወጣውን #StopRansomware Guide ከፍታችሁ የምላሽ ቼክሊስቱን የመጀመሪያ እርምጃዎች አንብቡ።