ማስተካከያ፦ የሺፍት ሬጂስተር ቢቶች አመራረጥ

«ባለ 4 ቢት ሊኒየር ፊድባክ ሺፍት ሬጂስተር፣ ግብረ መልሱ ከየትኞቹም ሁለት ቢቶች ቢወሰድ፣ ሳይደግም 15 ሁኔታዎችን ያዳርሳል።»

ባለፈው ጽሑፌ ያሰፈርኩት ይህ ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው። አንድ ምርጫ ብቻ ሞክሬ ለሁሉም ፈረድኩ።

ቢቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 4 እንቁጠራቸው። በየምቱ ሁሉም አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይገፋሉ። በግራ የሚገባው አዲስ ቢት፣ የተመረጡት ሁለቱ ከተለያዩ 1፣ ከተመሳሰሉ 0 ነው። 3ኛውንና 4ኛውን ከመረጥን፣ ከ1000 ተነስተን ወደዚያው የምንመለሰው በ15ኛው ምት ነው፤ የሞከርኩትም ይህንኑ ነበር። 2ኛውንና 4ኛውን ስንመርጥ ግን፦

```
1000 0100 1010 0101 0010 0001 1000
```

በ6 ምት ተመለሰ። ከ0110 ብንነሳማ በ3 ምት ብቻ ይዞራል፤ የዙሩ ርዝመት በመነሻው ላይ ጥገኛ ሆነ ማለት ነው።

ምክንያቱ የምርጫው ፖሊኖሚያል ነው። በ0 እና 1 ሒሳብ `x^4+x^2+1` ማለት `(x^2+x+1)^2` ነው፤ ስለዚህ ሁኔታዎቹ በአጫጭር ዙሮች ይከፋፈላሉ። `x^4+x^3+1` ግን ፕሪሚቲቭ ነው፤ ማለትም 15ቱንም ሁኔታዎች በአንድ ዙር የሚያዳርስ ነው። አለመከፋፈል ብቻውን አይበቃም፤ አራቱንም ቢቶች ብንመርጥና የ1ዎቹ ቁጥር ጎዶሎ ሲሆን 1፣ ሙሉ ሲሆን 0 ብናስገባ የሚገኘው `x^4+x^3+x^2+x+1` አይከፋፈልም፣ ዙሩ ግን 5 ነው።

0000 በማንኛውም ምርጫ ካለበት አይነቃነቅም፤ ይህ ክፍል ባለፈው ጽሑፌ ውስጥ ትክክል ነበር።