ከ20 ጆንያ አንዱ ሲሻግት፦ ለትንሽ ናሙና የትኛው ስሌት?

«ከ20 ጆንያ ጀንፈል በአንዱ ሻጋታ አገኘን፤ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ የታችኛው ጫፍ ግን ከዜሮ በታች ወጣብን። ዜሮ ብለን ብንጽፈው ያስኬዳል?»

ይህን የጠየቁኝ እዚህ ጅማ ውስጥ በቡና ጥራት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ናቸው። አያስኬድም ብዬ መልሻለሁ። ከዜሮ በታች የወጣው ቁጥር ስሌቱ በሙሉ ለዚህ መረጃ እንደማይስማማ ያመለክታል፤ ቁጥሩን በዜሮ መተካት ምልክቱን ያጠፋል እንጂ በላይኛው ጫፍ ላይ ያለውን፣ ከሁሉም የሚጎዳውን ስህተት አያርምም።

ተማሪዎቹ የተጠቀሙት በኖርማል ሥርጭት ላይ የተመሠረተውን የተለመደ ግምታዊ ስሌት ነው። ድርሻው 5 በመቶ፣ ስታንዳርድ ኤረሩ ወደ 4.9 በመቶ ይሆናል፤ ይህ በ1.96 ተባዝቶ ከ5 ላይ ሲቀነስና ሲደመር ክልሉ ከ-4.6 እስከ 14.6 በመቶ ይዘረጋል። ስሌቱ ክልሉን በግራና በቀኝ እኩል ያደርገዋል፤ ድርሻው ወደ ዜሮ ሲጠጋና ናሙናው ትንሽ ሲሆን ግን ከተመረመሩት ጆንያዎች ስንቱ ሻግቶ ሊገኝ እንደሚችል የሚገልጸው የባይኖሚያል ሥርጭት ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ስለሆነ እኩልነቱ ከእውነታው ጋር አይገጥምም። አንድም የሻገተ ጆንያ ባይገኝ ኖሮ ደግሞ ስታንዳርድ ኤረሩ ዜሮ ይሆንና ስሌቱ ከ20 ጆንያ ብቻ ተነሥቶ በመጋዘኑ ውስጥ ሻጋታ ፈጽሞ የለም ብሎ ይደመድማል።

ክሎፐርና ፒርሰን በ1934 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ትክክለኛው የባይኖሚያል ስሌት የሚነሣው ከሌላ ጥያቄ ነው፦ እውነተኛው የሻጋታ ድርሻ ይህን ያህል ቢሆን፣ ከ20 ጆንያ አንድ ወይም ከዚያ በታች የሻገተ የማግኘት ዕድል ስንት ነው? ድርሻው 14.6 በመቶ ቢሆን ዕድሉ 19 በመቶ ያህል ነው፤ ይህ በምንም መልኩ ብርቅ የሚባል አይደለም። ድርሻው 20 በመቶ ሲሆን ዕድሉ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል፤ ከ95 በመቶ ውጭ የሚቀረው 5 በመቶ ለሁለቱ ጫፎች እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2.5 በመቶ ይደርሰዋል፤ ዕድሉ 2.5 በመቶ ላይ የሚደርሰው ድርሻው 24.9 በመቶ ሲሆን ነው፤ የላይኛው ወሰንም ያ ነው። የታችኛው ወሰን በተመሳሳይ መንገድ 0.13 በመቶ ይወጣል። በአር ፕሮግራም ይህን ለማግኘት አንድ መስመር ይበቃል፦

```
binom.test(1, 20)
```

ልዩነቱ ወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። አንድ ገዢ የሻገተው ድርሻ ከ20 በመቶ በታች መሆኑ ካልተረጋገጠ ቡናውን አልረከብም አለ እንበል። በመጀመሪያው ስሌት ክምችቱ በቀላሉ ያልፋል፤ በሁለተኛው ግን ከአምስት ጆንያ አንዱ የሻገተ ሊሆን የሚችልበት ዕድል ገና አልተዘጋም። ያው መረጃ፣ በስሌቱ ምርጫ ብቻ፣ ለገበሬውም ለገዢውም የተለየ ውሳኔ ያስከትላል።

የ95 በመቶ ክልል የሚባለው ምርመራው ደጋግሞ ቢካሄድ እውነተኛውን ድርሻ ከ100 ጊዜ 95ቱን ይይዛል ተብሎ ነው። እውነተኛው ድርሻ 5 በመቶ፣ ናሙናውም 20 ሲሆን ግን የተለመደው ስሌት የሚይዘው 64 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ክምችት ከ100 ምርመራ በ36ቱ ገደማ አንድም የሻገተ ጆንያ አይገኝም፣ ያን ጊዜም ክልሉ ዜሮ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

የትክክለኛውን ስሌት ተቺዎች ክልሉን ከሚገባው በላይ ያሰፋል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በዚሁ ምሳሌ ከ95 ይልቅ ከ98 ጊዜ በላይ ይይዛል። ስፋቱ ለሚያስቸግረው ሰው ዊልሰን በ1927 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ስሌት ጥሩ አማራጭ ነው፤ ለእኛ መረጃ ከ0.9 እስከ 23.6 በመቶ ይሰጣል። የጥራት ውሳኔ በሚሰጥበት ቦታ ግን እኔ ትክክለኛውን እመርጣለሁ፤ ሰፋ ያለ ክልል የሚያስከትለው ተጨማሪ ምርመራ ሲሆን የጠበበው ግን የሻገተ ቡና ያሳልፋል።

ይሁንና ትክክለኛ የሚለው ስም ስሌቱን እንጂ ናሙናውን አይመለከትም። 20ዎቹ ጆንያዎች በአንድ አውድማ የደረቁና እርጥብ ግድግዳ ሥር አብረው የተደረደሩ ከሆኑ አንዱ ሲሻግት ጎረቤቱም የመሻገት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ የባይኖሚያል ስሌት ደግሞ እያንዳንዱ ጆንያ ከሌላው ነጻ ነው ብሎ ይነሣል። ስለዚህ ጆንያዎቹ ከበሩ አጠገብ ከተደረደሩት ሳይሆን ከመላው ክምችት በዕጣ ይውጡ።

ተማሪዎቹ ቀጣዩን ምርመራ ሲያቅዱ ቁጥሩን ከወዲሁ ቢያሰሉት ይሻላል። አንድ የሻገተ ጆንያ ቢገኝ እንኳ የላይኛው ወሰን ከ20 በመቶ በታች እንዲውል ቢያንስ 26 ጆንያ መመርመር አለበት። ይህ ቁጥር መወሰን ያለበት ግን የመጀመሪያው ጆንያ ከመከፈቱ በፊት ነው፤ የ20ዎቹን ውጤት አይቶ ስድስት መጨመር ስሌቱ የቆመበትን ዕድል ይለውጠዋል።