እርማት፦ በዓረፍተ ነገር መሃል ቋንቋ የሚቀይሩት እነማን ናቸው?

«የኒው ዮርክ ፖርቶ ሪኮዎች ስፓኒሽና እንግሊዝኛ የሚቀላቅሉት ሁለቱንም በቅጡ ስላልቻሉ ነው።»

በፍጹም! የቋንቋ ተመራማሪዋ ሻና ፖፕላክ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት የእነዚሁኑ ሰዎች ንግግር መርምረዋል። በዓረፍተ ነገር መሃል በብዛት የሚቀይሩት ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩት ነበሩ፤ አንዱ የሚከብዳቸው ግን ይበልጡን በዓረፍተ ነገሩ ዳር አጫጭር ሐረግ ጣል ያደርጋሉ።

መቀየሪያው ቦታ በዘፈቀደ አይመረጥም። ነጭ ቤት ለማለት ስፓኒሽ ስሙን አስቀድሞ «ካሳ ብላንካ» ይላል፤ እንግሊዝኛ ቅጽሉን አስቀድሞ «ኋይት ሃውስ»። የቃል ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ስለሚጋጭ «ካሳ ኋይት» የሚል እምብዛም የለም። ተናጋሪዎቹ የሚሻገሩት ሁለቱ ሰዋስዎች በሚገጥሙበት ነው፤ ያውም ሳያመነቱ፣ ንግግራቸውን ሳያቋርጡ። ይህን ችሎታ ድክመት ብሎ ሰውን ማሸማቀቅ ያሳዝነኛል።