ማስተካከያ፦ ወዛም የራስ ቆዳ በስንት ቀን ይታጠብ?

«ጠዋት ታጥቤው ስድስት ሰዓት ላይ ሥሩ በወዝ ይጣበቃል። በሳምንት አንዴ ታጠቢ የተባልኩትን ልቀጥል?»

ፀጉርሽ ጥቅልል ካልሆነ አትቀጥይ። «ቶሎ ቶሎ ሲታጠብ ወዙ ይብሳል» ተብሎ የወጣው ይታረም፤ ወዙን የሚያመነጩት ቆዳው ውስጥ ያሉ ዕጢዎች ናቸው፣ እነሱን የሚያዛቸው ደግሞ በዋናነት ሆርሞን እንጂ የምትታጠቢበት ቀን አይደለም። ፀጉርሽ ቀጭንና ለስላሳ ከሆነ በየቀኑ ወይም አንድ ቀን እየዘለልሽ ታጠቢ። ጥቅልል ከሆነ ግን ወዙ ወደ ጫፍ በቀላሉ ስለማይወርድ ጫፉ ደርቆ ይሰባበራል፣ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃዋል።

ሻምፖው «ለወዛም ፀጉር» የሚል ይሁን። ኮንዲሽነር የተቀላቀለበትን ተዪው፣ ሥሩ ላይ ይቀራል። ሻምፖውን በጣትሽ ጫፍ ሥሩ ላይ እሺው፤ ኮንዲሽነር ከጆሮ በታች ብቻ። ቢጫ ቅርፊትና ማሳከክ ካለ ደግሞ የፈንገስ መድኃኒት የሆነውን ኬቶኮናዞል 2% ሻምፖ በሳምንት ሁለቴ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይተሽ አለቅልቂው።