«ባትሪዬ ዘግቷል»

ወገኖቼ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው፤ ከእናንተም አስቀድሜ ራሴን። የምናውቀው ሰው ከፊት ለፊታችን ሲመጣ ስልካችንን አውጥተን የምናፈጠው ሁልጊዜ ቸኩለን መስሏችሁ? ብዙ ጊዜ ያ ሰው ለቅሶ ያልደረስንለት ሰው ነው። አፍረን እንሸሸዋለን፤ ከዚያ «ኑሮው ነው፣ ሩጫው ነው» እያልን በከተማዋ እናመካኛለን።

የራሴን ልንገራችሁ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ማታ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ፣ ከአንበሳው ሐውልት ወረድ ብዬ የታክሲ ሰልፍ ይዣለሁ። ከእኔ ሦስት ሰው ቀድሞ የቆመው ጠመኔ ነበር። ስሙ አይደለም፤ ሰባተኛ ክፍል ሳለን ከሰሌዳው ሥር የወዳደቀ ጠመኔ እየለቀመ ኪሱ ነጭ ከመሆን ስለማይቦዝን ያወጣንለት ነው። እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። በ1997 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናው ለያየን፤ በዚያን ጊዜ 10ኛ ክፍል ላይ ነጥብ የመጣለት መሰናዶ ይገባል፣ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ። እኔ ወደዚያ፣ እሱ ወደዚህ።

ቢሆንም ሰፈር ነበረ። ቤታቸው ዶሮ ማነቂያ ስለነበር ፒያሳ ብቅ ያለ ሰው ጠመኔን ለማግኘት ቀጠሮ አያሻውም ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ እነሱ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዱ። ዓመት ሳይሞላ እናቱ አረፉ። እኚያ ሴት በምሳ ሰዓት እየሮጥን ስንገባ ከአንድ ትሪ ያበሉን ነበር፤ ሽሮውን ሲያወጡ ከልጃቸው ይልቅ ወደ እኔ በኩል ያዘነብሉት ነበር። ማረፋቸውን በማግስቱ ሰምቻለሁ። ቅዳሜ እሄዳለሁ አልኩ። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ። ከዚያ ወዲያ በየትኛው ፊቴ?

እና ዘወር ሲል አየኝ። «አንተ!» አለና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን።

«ቁጥርህን በለኝ፣ ሚስድ ኮል ላድርግልህ።»

«ባትሪዬ ዘግቷል» አልኩት። አፌን ሳልገጥም ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። እሱ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ተራ አስከባሪው ዞረና ስንት ሰው እንደቀረ ጠየቀው። ታክሲው ሲመጣ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው? «በል እንደዋወላለን!» በማን ቁጥር?

ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ሰልፍ ላይ ተገናኘን። ቁጥር አልጠየቀኝም። ሰላም ብሎኝ ወደ ፊቱ ዞረ፤ ልክ ነበረ። በሦስተኛው ማኪያቶ ልጋብዝህ አልኩት። ቆመን ጠጣን፤ የሒሳብ መምህራችንን አነሳን፣ ማን አሜሪካ እንደገባ፣ ማን እንደወፈረ። አንድ ሰዓት ሙሉ እናቱን እኔም አላነሳሁ፣ እሱም አላነሳ። በመካከላችን እንደ ሦስተኛ ሰው ቆመው ነበር ብል አላጋነንኩም። የዚያን ቀን ግን ስልኬን አውጥቼ ቁጥሩን ያዝኩ።

በአራተኛው ቀን ማኪያቶው ሳይመጣ ተነፈስኩት። «የእናትህን ሰምቼ ነበር። ያኔውኑ ነው የሰማሁት።»

ስኳሩን ጨመረና ብዙ አማሰለ። «አውቃለሁ» አለ። «ሄደህ ንገረው ብዬ ልጁን የላክሁብህ እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፣ ወገኖቼ። «አልሰማሁም ነበር» የምትሏትን ነገር ተዉአት። እኔም ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበረች፤ ብላት ኖሮ ያ ሰው ፊቴ ላይ ውሸቴን እያየ «ምንም አይደል» ይለኝና በዚያው ያበቃልን ነበር። ሐዘንተኛ ማን እንደመጣ ብቻ አይደለም የሚያስታውስ፤ ለማን እንደተነገረም ያውቃል። ደግሞ አርባው ካለፈ በሩ የተዘጋ አይምሰላችሁ። ሙት ዓመቱም ቢያልፍ ይኬዳል። የሚያመው መዘግየቱ ሳይሆን መንገድ ላይ አይቶ እንዳላየ ማለፉ ነው። ተጠራርተን ማኅበር እናቋቁም፣ የክፍላችንን ልጆች በቴሌግራም እናሰባስብ የምትሉም አላችሁ፤ አሰባስቡ፣ አልጠላሁም። ግን መቶ ሰው መሃል ተደብቆ ሰላም ማለት ለአንዱ ያልደረሳችሁትን ለቅሶ አያለቅስላችሁም።

«ለእኔስ ተወው» አለኝ ጠመኔ። «እህቴ ናት እስካሁን የምትጠይቀኝ።»

እሑድ ሁለት ታክሲ ቀይሬ፣ ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። እህቱ በሩን ከፍታ ስታየኝ አልቅሳ አስለቀሰችኝ። የከረመ ሐዘን ቀሰቀስኩ ብዬ ደነገጥኩ፤ ጠመኔ ግን «ተዋት» ብሎ አስቀመጠኝ። ፎቶግራፋቸው ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ስለ እሳቸው ስናወራ ቆየን፤ ስለ ምሳው፣ ስለ ዴስኩ። ከዚያ ትሪው ቀረበ። እህቱ ድስቱን ይዛ መጣችና ሽሮውን ወደ እኔ በኩል አዘነበለችው።